«ና» ለምን «ምጣ» አልሆነም?

«ሰላም መምህር። እዚሁ ባሕር ዳር ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንዷ ተማሪዬ ‹ቲቸር፣ በየቀኑ የምንጠቀምባቸው ግሶች ለምንድን ነው ከደንብ የሚወጡት? ብዙ የሚነገር ቃል ቀላል ደንብ አይሻለውም?› ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁላት። ብዙ የማይነገሩት ደግሞ በጊዜ ብዛት ወደ ደንቡ ይገባሉ ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? አማርኛ ውስጥስ እንዲህ ያለ ነገር አለ?»

ከአማርኛው ልጀምር፤ እንግሊዝኛው በኋላ ይቀላል።

«ገባ» ከሚለው ግስ ትእዛዝ ያውጡ፤ «ግባ» ይሆናል። «ወጣ» ካሉ «ውጣ»፣ «በላ» ካሉ «ብላ»፣ «ሰማ» ካሉ «ስማ»። አሁን «መጣ» ይበሉ። በዚሁ መንገድ ቢሄድ «ምጣ» መሆን ነበረበት። ግን ልጁን «ምጣ» ብሎ የሚጠራ አባት የለም። «ና» ነው የሚለው። ለሴት «ነይ»፣ ለብዙ ሰው «ኑ»። ከ«መጣ» ፊደላት አንዱም እዚያ ውስጥ የለም። «ም» የለም፣ «ጥ»ም የለም። ትእዛዙ ከሌላ ሥር የመጣ ነው።

ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ከደንብ የወጣው ይቺ አንዲት ቦታ ብቻ ናት። «ይምጣ» ደንበኛ ነው። «ልምጣ»፣ «እንምጣ»፣ «ይመጣል»፣ «መጥቶ»፣ ሁሉም ሰልፉን ጠብቀው ይሄዳሉ። የሚገርመው አሉታው ነው። «አትና» አይባልም፤ «አትምጣ» ነው። ሰውን መጥራት ሲሆን «ና»፣ መከልከል ሲሆን ግን «ምጣ» ተመልሶ ብቅ ይላል። ለምን? ትንሽ ይታገሱኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህ የትናንት ነገር አይደለም። በግዕዝም «መጽአ» ብሎ ትእዛዙ «ነዓ» ነው፤ ለብዙ «ንዑ»። ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው «ንዑ»ን በጆሮው ያውቃታል። ትግርኛም «ንዓ» ይላል። ሴማዊ ያልሆነው ኦሮምኛ እንኳ «መጣ»ን «ዹፌ» ብሎ «ና»ን «ኮቱ» ይላል። ቃሉ ሌላ ነው፤ ከደንብ የወጣችው ቦታ ግን ያችው ናት። እንግዲህ ይህች ትንሽ ቃል ከአክሱም ዘመን ጀምሮ ስንት ነገር ሲለወጥ ሳትለወጥ ቆይታለች። የግዕዝ ጉሮሮ ድምፆች ከአማርኛ ጠፍተዋል፣ የዓረፍተ ነገር አሰካክ ተለውጧል፣ የቃላቱ ብዛት ተገለባብጧል። «ና» ግን አለች።

ምክንያቱን ለማየት ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር መውረድ ይበቃል። ወደ ዘጌ የሚሻገረው ጀልባ ሊነሳ ሲል ጆሮዎን ይስጡ። «ና ግባ!» «ኧረ ነይ፣ ቦታ አለ!» «ኑ፣ ኑ፣ ሊሄድ ነው!» «በል ገመዱን ፍታ!» «ቆይ፣ አንድ ሰው ቀርቷል!» ከዚህ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ግሶቹን ለቅመው ቢያወጡ፣ ያው ጥቂቶቹ እየተመላለሱ ያገኟቸዋል። «ና» በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደጋግማ ትነገራለች። «አትምጣ» ግን ጠዋቱን ሙሉ ላትሰማ ትችላለች። «ቅዘፍ» የሚለውንም አንድ ሁለቴ ሊሰሙ ይችላሉ፤ ያውም የደንገል ታንኳ በአጠገብዎ ካለፈ።

አሁን ወደ አእምሮ እንግባ። አንድ ሰው የግስ ቅርጽ ሲፈልግ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቃሉን እንዳለ፣ እንደተሰማ፣ ከትዝታ ማውጣት ነው። ሌላው ሥሩን ይዞ በደንቡ መሥራት ነው። ሁለቱ መንገዶች አብረው ይነሳሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ይነገራል። ብዙ ጊዜ የተሰማ ቃል ከትዝታ የሚወጣው በቅጽበት ነው። ደንቡ ገና ሥራ ሳይጀምር «ና» አፍ ላይ ደርሳለች። አልፎ አልፎ ብቻ የሚሰማ ቃል ግን ከትዝታ ለመውጣት ይንቀራፈፋል። አንዳንዴም ጨርሶ አይገኝም። ያኔ ደንቡ ይቀድማል።

ደንቡ ሁልጊዜ ዝግጁ መሆኑን ለማወቅ ሰምተን የማናውቀውን ቃል ስጡን። ጂን በርኮ የተባሉት አሜሪካዊት የቋንቋ ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ለትንንሽ ልጆች ራሳቸው የፈጠሯቸውን ቃላት አሰሟቸው። ልጆቹም ሰምተው የማያውቁትን ቃል ያለ ችግር አበዙት፣ ኃላፊ ጊዜም ሰጡት። እኛም ጋ ያው ነው። ተማሪዎችዎ «ፎረፈ» የሚሉት ከክፍል መቅረትን አይደል? ከውጭ የመጣ ቃል ነው። ግን «ይፎርፋል»፣ «ፎርፎ»፣ «መፎረፍ» ለማለት ማንም አላስተማራቸውም። አዲስ ግስ በደንቡ በር ብቻ ነው የሚገባው። ከደንብ የወጡት ሁሉ የቆዩ ናቸው።

እንግዲህ የተማሪዎ ጥያቄ እዚህ ላይ ይፈታል። «ብዙ የሚነገር ቃል ቀላል ደንብ አይሻለውም?» ብላለች። ለዚያ ቃል ከደንቡም የሚቀል ነገር አለው፤ እሱም እንዳለ ማስታወስ ነው። ደንብ የሚያስፈልገው ለማናስታውሰው ነው።

ይህ ግን የአንድ ሰው አእምሮ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቋንቋ አይለወጥም ነበር። ለውጡ የሚመጣው ቃሉ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲሻገር ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር በምናብ እንሞክር። «ቀዘፈ» ዛሬ ፍጹም ደንበኛ ግስ ነው፤ «ይቀዝፋል»፣ «ቅዘፍ»፣ «ቀዝፎ»። እንበልና ድሮ ትእዛዙ «ቅዘፍ» ሳይሆን ሌላ አፈንጋጭ ቃል ነበር፤ «ዞ» እንበለው። ደቅ ደሴት ላይ የተወለደ ልጅ ይህን «ዞ» ገና በእናቱ ጀርባ ሆኖ ይሰማዋል። አባቱ ይለዋል፣ አጎቱ ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል። ደብረ ታቦር ያደገው ልጅ ግን ምናልባት በዓመት አንዴ፣ ያውም ዘመድ ሊጠይቅ ጣና ዳር ሲወርድ ይሰማው ይሆናል። አንድ ቀን ቃሉን ራሱ መናገር ይፈልጋል። ትዝታውን ይፈትሻል፤ የለም። ደንቡ ግን አለ። «ቅዘፍ!» ይላል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው ዋናው። ማንም አይስቅበትም። በዙሪያው ያሉትም እርግጠኛ አይደሉም። «እንደዛ ነው እንዴ የሚባለው?» ብለው ያልፉታል። በሚቀጥለው ጊዜ ራሳቸውም «ቅዘፍ» ይላሉ። በአንጻሩ አንድ ልጅ «ምጣ» ብሎ ቢጣራ ቤት ሙሉ ሰው ይስቃል፣ እናቱም ወዲያው «‹ና› በል እንጂ» ትለዋለች። ብዙ የሚነገረው ቃል ሁለት ጠባቂ አለው ማለት ነው፤ የልጁ ትዝታና የሰሚው ጆሮ። ጥቂት የሚነገረው ሁለቱንም ያጣል። ደቅ ላይ ያሉት ቀዛፊዎች «ዞ»ን ለጊዜው ይዘው ይቆያሉ። ግን ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ልጆቻቸው ከተማ ገብተው ሲማሩ የሚሰሙት «ቅዘፍ»ን ይሆናል። ስለዚህ «ይህ ቃል ብዙ ይነገራል ወይ?» ሲባል «በማን መካከል?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የ«አትምጣ» ምስጢርም ይኸው ነው። አሉታው ከአዎንታው በጣም ያነሰ ይነገራል። ስለዚህ ማንም የተለየ ቅርጽ አላስቀመጠለትም። ደንቡ ይሠራዋል፣ ሥራውንም በወጉ ይሠራል። «እንካ»ን ደግሞ ይመልከቱ፤ «እንኪ»፣ «እንኩ» ይባላል፣ በቃ። ኃላፊ ጊዜ የለው፣ አሉታ የለው። ሰው ለሰው ዕቃ ሲያቀብል በየሰዓቱ ስለሚላት ብቻ ያለ ቤተሰብ ብቻዋን ትኖራለች።

አሁን ከሁሉም ወደምወደው ግስ ልለፍ፤ «አለ»። መኖሩን የሚናገረውን ሳይሆን መናገርን የሚናገረውን ማለቴ ነው። «አለ»፣ «ይላል»፣ «ማለት»፤ እዚህ ውስጥ «ብ» የለም። «ብሎ»፣ «በል»፣ «ይበል»፣ «ባይ»፤ እዚህ ውስጥ ደግሞ «ብ» አለ። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው እዚህ ሲደርስ ጸጉሩን ይነጫል፤ አይፈረድበትም። በግዕዝ ሥሩ «ብህል» ነው። «ህ» በአማርኛ ጠፋች፤ ይህ የብዙ ግሶች ዕጣ ስለሆነ ብቻውን ከደንብ አያወጣም። ከደንብ ያወጣው «ብ» አንዳንድ ቦታ ቀርታ አንዳንድ ቦታ መውደቋ ነው።

ደንበኛ ቢሆን ምን ይመስል ነበር? መካከሉ ላይ ያለ የጉሮሮ ድምፅ የጠፋበትን ሌላ ግስ እንውሰድ፤ «ሳመ»ን። «ሳመ»፣ «ይስማል»፣ «ስሞ»፣ «ሳም»፣ «መሳም»። በዚህ ልክ ብንሰፋው «ባለ»፣ «ይብላል»፣ «ብሎ»፣ «ባል»፣ «መባል» መሆን ነበረበት። «ምን ባለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። አሁን ወደ ተደራጊው ይምጡ። «ተሳመ» እንደሚባለው «ተባለ»። «ይሳማል» እንደሚባለው «ይባላል»። «ተስሞ» እንደሚባለው «ተብሎ»። «ብ» በሙሉ ተመልሳለች፤ ግሱም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ግስ ይሄዳል! ያው ሥር ነው፣ ያው ትርጉም ነው። በጣም የሚነገረው «አለ» ተሸራርፎ ከደንብ ወጣ፤ ከእሱ ያነሰ የሚነገረው «ተባለ» በደንቡ ቀረ።

«አለ» ምን ያህል እንደሚነገር ደግሞ ያስቡት። ሰው ያለውን ለመንገር ብቻ አይደለም የምንጠቀምበት። «ቁጭ በል»፣ «ዝም አለ»፣ «ብድግ ብሎ»፣ «ቀስ እያለ»፣ «ደስ ይላል» ስንል ሁሉ እሱ አለበት። ከእነዚህ አንዱም ስለ መናገር አይደለም። ግማሹ አማርኛ ላይ ተሰክቶ የሚኖር ግስ ነው። ብዙ የሚነገር ቃል ደግሞ አፍ ላይ ያልቃል። ሰሚው ገና ሲጀመር ስለሚያውቀው ተናጋሪው ድምፁን ይውጠዋል፣ ያሳጥረዋል። እንግዲህ ድግግሞሽ ሁለት ሥራ ይሠራል። ቃሉን እየሸራረፈ ከደንብ ያወጣዋል። ከወጣ በኋላ ደግሞ እንዳይመለስ ይጠብቀዋል። ብዙ ሰው የሚያውቀው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ የተማሪዎ ጥያቄ ግን ሁለቱንም ይፈልጋል።

ወደ እንግሊዝኛው እንሻገር። እዚያ ቁጥር አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. ኤሬዝ ሊበርማንና ዣን ባፕቲስት ሚሼል ከባልደረቦቻቸው ጋር ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አንድ ጥናት አወጡ። ከ1,200 ዓመት በፊት በነበረው እንግሊዝኛ ውስጥ 177 ከደንብ የወጡ ግሶችን ለይተው ተከታተሏቸው። በመካከለኛው ዘመን 145ቱ እንደወጡ ነበሩ። ዛሬ የቀሩት 98 ናቸው። ሌሎቹ «ኢዲ» እየተጨመረባቸው ደንብ ገብተዋል።

ማን ቀረ? ማን ገባ? ዛሬ እንግሊዝኛ ውስጥ ከሁሉም በላይ የሚነገሩት አሥሩ ግሶች፣ ማለትም «ቢ»፣ «ሃቭ»፣ «ዱ»፣ «ጎ»፣ «ሴይ»፣ «ካን»፣ «ዊል»፣ «ሲ»፣ «ቴክ» እና «ጌት»፣ አንድ ሳይቀር ከደንብ የወጡ ናቸው። የገቡት በብዛት ከታች ያሉት ናቸው። ተመራማሪዎቹ ለዚህ መለኪያ አገኙለት። በአጠቃቀሙ ከሌላው መቶ ጊዜ ያነሰ ግስ ደንብ የሚገባው አሥር ጊዜ ፈጥኖ ነው። መቶ ጊዜ አይደለም፤ አሥር ጊዜ። የሒሳብ ሰው «ስኩዌር ሩት» ይለዋል።

በዓመት ሲሰላ ይበልጥ ይገባል። ከ1,000 እስከ 10,000 የተነገሩ ግሶች ውስጥ አንዴ ብቻ ብቅ የሚሉ አፈንጋጭ ግሶችን ይውሰዱ። ከእነሱ ግማሾቹ ደንብ ለመግባት 2,000 ዓመት ያህል ይፈጅባቸዋል። ከ100 እስከ 1,000 የተነገሩ ግሶች ውስጥ አንዴ የሚመጡት 5,400 ዓመት ያህል። ለ«ቢ» እና ለ«ሃቭ» የወጣው ስሌት 38,800 ዓመት ነው። የመጨረሻውን ቁጥር ቃል በቃል አይውሰዱት፤ ያን ያህል የሚቆይ እንግሊዝኛ አይኖርም። ቁጥሩ የሚለው «እነዚህን አትጠብቋቸው» ነው።

ይህ ግን ዕድል እንጂ ፍርድ አይደለም። «ሄልፕ»ን ይዩት። ድሮ ኃላፊ ጊዜው «ሆልፕ» ነበር። ብዙ የሚነገር ግስ ነው፤ ሆኖም ደንብ ገብቶ «ሄልፕድ» ሆነ። «ወርክ»ም እንደዚሁ «ሮት» የሚለውን ጥሎ «ወርክድ» ሆኗል። ብዙ የሚነገር ቃል የመግባት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ባዶ ግን አይደለም።

ሌላም የሚያወሳስበው ነገር አለ፤ ጓደኛ። «ኪፕ»፣ «ስሊፕ»፣ «ዊፕ»፣ «ክሪፕ» አንድ ዓይነት ናቸው፤ «ኬፕት»፣ «ስሌፕት»፣ «ዌፕት»፣ «ክሬፕት»። ጆአን ባይቢ የተባሉት የቋንቋ ሊቅ ያስተዋሉት ነገር ቢኖር፣ ብዙ የሚነገሩት «ኬፕት» እና «ስሌፕት» ሲጸኑ፣ ጥቂት የሚነገሩት ላይ «ዊፕድ» እና «ክሪፕድ» ማለት መጀመሩን ነው። ይህ ሕጉን ያጠናክራል። አንዳንዴ ግን ጓደኛ ወደ ውጭ ይጎትታል። «ስኒክ» ደንበኛ ግስ ነበር፤ «ስኒክድ» ይባል ነበር። አሜሪካኖች አፈንጋጮቹን አስመስለው «ስናክ» አሉት፣ ያዘላቸውም። «ዳይቭ»ን «ዶቭ» ያሉትም እንዲሁ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሄድ መኪና ጥቂት ነው፣ ግን አለ።

በአማርኛም ሕጉን የሚፈትን ምሳሌ አለን፤ ያውም ከሁሉም በላይ በሚነገረው ግስ ላይ። «ነው» የሚረባው እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ተሳቢ ነው። ጎን ለጎን ያድርጓቸው። «መታኝ»፣ «ነኝ»። «መታህ»፣ «ነህ»። «መታሽ»፣ «ነሽ»። «መታው»፣ «ነው»። «መታት»፣ «ናት»። «መታን»፣ «ነን»። «መታቸው»፣ «ናቸው»። ልክ ክትት ይላል። እንደ ሌላው ግስ በባለቤት ቢረባ ኖሮ «ነኩ»፣ «ነክ» ማለት ነበረብን፤ እንደ «ሄድኩ»፣ «ሄድክ»። ማንም አይልም። አንዲት ቦታ ላይ ግን ደንቡ ገብቷል። «እሷ ጎበዝ ናት» የሚለው ሰው፣ ወዲያው ቀጥሎ «እሷ ጎበዝ ነች» ይላል። «ነች» ማለት «ሄደች»፣ «አለች»፣ «ነበረች» በሚሉት ቅርጽ የተሰፋ «ነው» ነው። ሁለቱም ዛሬ ትክክል ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አላባረረም። ደንቡ አንድን ግስ በአንድ ጊዜ እንደማይውጠው እዚህ ላይ ያዩታል። በአንዲት ቦታ ገብቶ ለዘመናት እዚያው ሊቆይ ይችላል።

ሌላ ሦስተኛ መንገድም አለ። ጥቂት የሚነገር ግስ ደንብ እስኪገባ ላይጠበቅ ይችላል፤ ጭራሹን ይተዋል። «ሻ»ን ይመልከቱ። «ይሻል»፣ «ሽቶ»፣ «መሻት»። በጽሑፍ አሁንም አለ። ጓደኛዎን ግን «የ‹ሻ› ትእዛዙ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ያመነታል። ማመንታት ደግሞ ምልክት ነው። ተናጋሪው ያመነታበት ቃል ወይ ደንቡ ይሠራዋል ወይ ሌላ ቃል ይተካዋል። «ሻ» ላይ የደረሰው ሁለተኛው ነው፤ «ፈለገ» ቦታውን ወስዶበታል። መንገድ ላይ «ምን ትሻለህ?» የሚልዎት ሰው ካለ ወይ አዛውንት ነው ወይ ይቀልድብዎታል።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎችዎን በዚሁ መፈተን ይችላሉ። «የ‹መጣ› ትእዛዝ?» ይበሏቸው፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ና!» ይላሉ። «የ‹ሻ›ስ?» ይበሏቸው፤ ዝምታ ይሆናል፣ ከዚያ ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣል። ሕጉን ከራሳቸው አፍ ሰሙት ማለት ነው።

እንግሊዝኛውን ስታስተምሩ ደግሞ አንድ ነገር ልምከር። አብዛኛው የመማሪያ መጽሐፍ ከጀርባው የሚሰጠው የአፈንጋጭ ግሶች ዝርዝር በፊደል ተራ ነው። «አራይዝ» ከ«ቢ» በፊት ይመጣል። ልጆቹ ከላይ ጀምረው ይሸመድዳሉ፣ መሃል ላይ ይሰለቻሉ፣ «ቴክ» ጋ ሳይደርሱ ፈተናው ይመጣል። ዝርዝሩን በአጠቃቀም ብዛት ደግመው ይደርድሩት። ከላይ ያሉት ሃያ ሠላሳ ግሶች በየገጹ ስለሚመላለሱ ያለ ሽምደዳም ይገባሉ። ከታች ያሉትን እንደ «ስትራይድ» ያሉትን ለመጨረሻ ይተዉአቸው። ሦስተኛ ቅርጹ «ስትሪደን» ነው ይላል መጽሐፉ። እንግሊዞቹ ራሳቸው እሱ ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ያስባሉ፤ ብዙዎቹም ዓረፍተ ነገሩን ለውጠው ያልፉታል።